ያገለገለ ስልክ «ተገቢ ዋጋ» ምንድን ነው?

አንድ ሰው አይፎን 13 በ50,000 ብር እሸጣለሁ ቢላችሁ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ሞዴሉን ብቻ ይዞ መልስ መስጠት አይቻልም። ተገቢ ዋጋ ማለት ያው ስልክ፣ በዚያው ይዞታ ላይ እያለ፣ ዛሬ ገበያ ላይ እውነት የሚሸጥበት ብር ነው። ቴሌግራም ላይ የምታዩት ዋጋ ድርድር ያልነካው ጥሪ ነው። ስለዚህ አምስት ስድስት ሻጭ ጋር ደውላችሁ «መጨረሻው ስንት ነው?» በሉ። መነሻችሁ ያ ነው።

ዕድሜን ብዙ ሰው የሚቆጥረው ስልኩ ከተገዛበት ቀን ነው። ሻጩም «ገና ሁለት ዓመቱ ነው» ይላል። ለባትሪውና ለቀፎው ልክ ነው። የሶፍትዌሩ ዕድሜ ግን የሚቆጠረው ሞዴሉ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አይፎን XR በ2025 የመጣውን iOS 26 አላገኘም። የመጨረሻው ትልቅ ማሻሻያው የ2024ቱ ነበር፤ ከወጣ ስድስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። አይፎን 13 የወጣው መስከረም 2021 ላይ ነው። በዚያ አካሄድ ከሄደ ትልልቅ ማሻሻያዎችን እስከ 2027 ገደማ ሊያገኝ ይችላል። ዘግይቶ ስለተገዛ ይህ ጊዜ አይራዘምም፤ ለዚያ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ።

ትልቁ የዋጋ ልዩነት ያለው ባትሪው ላይ ነው። Settings ውስጥ Battery፣ ከዚያ Battery Health ግቡና Maximum Capacity የሚለውን እዩ። አዲስ ሲሆን 100 ነው። አፕል እስከ አይፎን 14 ያሉትን ባትሪዎች የሠራቸው 500 ጊዜ ያህል ሙሉ ቻርጅ ተደርገው 80 ፐርሰንት እንዲይዙ አድርጎ ነው። ከ80 በታች ሲወርድ ስልኩ ራሱ አስቀይሩኝ ይላል። ስለዚህ ባትሪው እውነተኛ አገልግሎት የሚሰጠው ከ100 እስከ 80 ባለው 20 ነጥብ ውስጥ ነው። 88 ላይ ያለ ስልክ የቀረው 8 ነጥብ፣ ማለትም የ20ው 40 ፐርሰንት ነው። ብዙ ገዢ «88 አሪፍ ነው» ብሎ የሚያልፈው ይህን ስለማያሰላ ነው።

አሁን 50,000 ብር የተጠራበትን ስልክ እናስላው። ብሩ ለምሳሌ የተወሰደ ነው፤ እናንተ የዕለቱን ዋጋ ተኩበት። ስልኩ 128 ጂቢ ነው፣ ባትሪው 79። የሌሎቹ ሻጮች መጨረሻ 48,000 አካባቢ ነው፤ የእነሱ ባትሪ ግን 88 ነው። ጠጋኙ ጥሩ ባትሪ በ6,000 እቀይራለሁ አለ። 6,000ውን ሙሉ መቀነስ ትንሽ ይበዛል፤ የሌሎቹም ባትሪ ያገለገለ እንጂ አዲስ አይደለምና። የእነሱ 40 ፐርሰንት ሲቀረው የዚህኛው አልቋል፤ ስለዚህ የምትቀንሱት የ6,000ውን 40 ፐርሰንት፣ ማለትም 2,400 ነው። ከ48,000 ሲቀነስ 45,600 ይመጣል። ባትሪው ኦሪጅናል ካልሆነ ደግሞ ስልኩ Unknown Part ብሎ ይጽፋል፤ ነገ ስትሸጡት ይህ ያስቀንሳችኋል። ለዚያና ለድካማችሁ ትንሽ ቀንሱና 44,000 ስጡ። እኔ ብሆን ከ45,000 አላልፍም።

በተቃራኒው የ2021 ሞዴል ባትሪው 100 ካለ ጠርጥሩ። ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። Settings፣ General፣ About ውስጥ Parts and Service History የሚል ካለ ክፈቱት። ቁጥሩን በመሣሪያ የሚያስተካክሉ ጠጋኞች ስላሉ በጽሑፉ ብቻ አትርኩ። ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ 15 ደቂቃ ቪዲዮ እዩበት። 10 ፐርሰንት ከወረደ፣ ቁጥሩ ምንም ቢል ባትሪው ደክሟል።

ስቶሬጅ ላይ ሻጮች በጣም ይጨምራሉ። አይፎን 13 አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሲወጣ 128 ጂቢው 799፣ 256ቱ 899 ዶላር ነበር። ልዩነቱ 12.5 ፐርሰንት ገደማ ነው። አንዳንድ ሻጭ ያንን 100 ዶላር በዛሬ ምንዛሪ መትቶ ይጨምራል። ስልኩ ሲረክስ ልዩነቱም አብሮ መውረድ አለበት፤ 48,000 ላይ 12.5 ፐርሰንቱ 6,000 ብር ነው። ጣሪያው እሱ ነው። በቴሌግራምና በፎቶ ብቻ ለሚጠቀም ሰው 128 ስለሚበቃው፣ ለእሱ 6,000ውም ይበዛል።

64 ጂቢ ያለው አይፎን 12 ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አይፎን ሚሞሪ ካርድ አይቀበልም። ሲስተሙ ከያዘው ቦታ በኋላ የቀረውን ቴሌግራም የሚያከማቸው ቪዲዮ ቶሎ ይሞላዋል። እሱን ከ128ቱ ጋር በትንሽ ልዩነት የሚሸጥላችሁ ካገኛችሁ፣ ልዩነቱን ጨምራችሁ 128ቱን ውሰዱ።