የአይ.ቢ.ኤስ. «ቀስቃሽ ምግብ» ምንድን ነው?

ባለፈው ሳምንት አይ.ቢ.ኤስ. የሚባለው የአንጀት ሕመም ያለባቸው ሦስት ታካሚዎች አንድ ዓይነት መልእክት ስልካቸው ላይ አሳዩኝ። ከሰው ሰው የሚዞር ነው፣ ማን እንደጻፈው አይታወቅም። «አይ.ቢ.ኤስ. ያለበት ሰው ደብተር ይያዝ፤ ሆዱን ባመመው ቁጥር መጨረሻ የበላውን ይጻፍ፤ የጻፈውን እርም ይበል» ይላል። ከሦስቱ አንዷ ምክሩን አክብራ ወተት፣ ቡና፣ ቲማቲም፣ እንቁላል፣ በመጨረሻም እንጀራ ትታ ስድስት ኪሎ ቀንሳ መጣች። ሆዷ አልተሻለውም። ክብደት መቀነስ ደግሞ እኛን የሚያስደነግጠን ምልክት ነውና፣ ምግብ በመተው የመጣ ይሁን ከሌላ በሽታ ለመለየት ምርመራ ማዘዝ ግድ ሆነብኝ። ደብተሩ ሥራ ሊያቃልልልኝ ሲገባው ጨመረብኝ።

ደብተር መያዙ ትክክል ነው። እኔም አዛለሁ። ስህተቱ «መጨረሻ የበላውን» የሚለው ላይ ነው።

ስለ በሽታው ብዙ አልልም። አይ.ቢ.ኤስ. ጨጓራ አይደለም፣ አሜባም አይደለም። አንጀቱ ቢታይ ቁስል የለውም፤ ችግሩ አንጀትና አንጎል በሚነጋገሩበት የነርቭ መስመር ላይ ነው። ላለፉት ሦስት ወራት በአማካይ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የሆድ ሕመም ካለ፣ ሕመሙም ከሦስቱ፣ ማለትም ሰገራ ከመውጣት፣ ሰገራ በቀን የሚወጣበት ብዛት ከመለወጥና የሰገራው መልክ ከመለወጥ፣ ቢያንስ ከሁለቱ ጋር ከተያያዘ፣ ነገሩም ከጀመረ ስድስት ወር ካለፈው ያን ጊዜ ስሙን እንጠራለን። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እዚህ ጎንደር ጃርዲያም አሜባም የተለመዱ ናቸው፤ ስለዚህ ሰገራ ይመረመራል። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ግን ለአራተኛ ጊዜ ሜትሮኒዳዞል መዋጥ ሕክምና አይባልም።

ወደ መልእክቱ ልመለስ። ከፒያሳ አዘዞ የሚሄድ ሚኒባስ አስቡ። ሕጉ 12 ሰው ነው። ረዳቱ መንገድ ላይ አሥራ ሦስተኛውን ጫነና ትንሽ እንደሄዱ ትራፊክ አስቆማቸው። ጥፋቱ የማን ነው? የመልእክቱ ጸሐፊ መጨረሻ የገባውን ሰውዬ ጎትቶ ያወርድና ዳግመኛ ታክሲ እንዳይሳፈር ይከለክለዋል። ሰውየው ግን ከሌሎቹ የተለየ ምንም አላደረገም፤ መኪናው ሞልቶ ነው የጠበቀው።

ሆድም እንዲሁ ነው። አብዛኛው የምንበላው ነገር ትንሹ አንጀት ላይ ይመጠጣል፣ ማለትም መንገድ ላይ ይወርዳል። አንዳንድ የስኳር ዓይነቶች ግን እስከ መጨረሻው ፌርማታ አይወርዱም። ሳይመጠጡ ውኃ እየሳቡ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዚያ ባክቴሪያ ያብላላቸዋል፣ ጋዝ ይሆናሉ። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያለው የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ስም ጠቅልለው ፎድማፕ ይሏቸዋል። በእኛ ገበታ ዋነኞቹ ቀይና ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ ናቸው፤ ወተትና ማርም አሉ። የጤፍ እንጀራ ከዚህ ተርታ አይደለም፤ ግሉተንም የለውም። (ከገበያ የተገዛው እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ጋጋሪዋን ጠይቁ።)

ትራፊኩስ? እሱ የአንጀታችሁ ነርቭ ነው። የጎረቤታችሁ ትራፊክ 15 ሰው ሲጫን አይቶ ያሳልፋል፤ የእናንተው 12 ሞልቶ አንድ ሲጨመር ፉጨት ያነሳል። እንቅልፍ ያጣችሁ ዕለት፣ ጭንቀት የበዛ ሰሞን፣ ለሴቶች ደግሞ የወር አበባ ሲመጣ፣ አሥሩንም አያሳልፍም። ለዚህ ነው ያው ምግብ አንድ ቀን አሞ ሌላ ቀን ዝም የሚለው። ሰዎች «ምግቡ ሰላም ነው፣ እኔ ነኝ ያበድኩት» ይሉኛል። አላበዱም፤ የትራፊኩ ፀባይ ተለዋውጦ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ፤ ከሁሉ የሚያናድደኝ እሱ ነው። «ቁርስ በበላሁ በግማሽ ሰዓት ያመኛል፣ ስለዚህ ቁርሱ ነው።» አይደለም፤ ቢያንስ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ምግብ ጨጓራ ሲገባ ጨጓራው ይለጠጥና ትልቁን አንጀት «ቦታ ልቀቅ» ብሎ ያዘዋል። ይህ ትእዛዝ ጤነኛውም ሰው ዘንድ አለ፤ ሕፃን ጠብቶ ሲያበቃ ወዲያው የሚያወጣው ለዚህ ነው። አይ.ቢ.ኤስ. ያለበት ሰው ላይ ትእዛዙ በጩኸት ይሆናል። ያን ጊዜ ትልቁ አንጀት ውስጥ ያለው የትናንቱ ምሳና እራት ነው፤ የዛሬው ቁርስ እዚያ ለመድረስ ሰዓታት ይቀሩታል። ስለዚህ የሚያምመው ቁርስ በመብላታችሁ ነው፣ የሚጮኸው ግን የትናንቱ ተሳፋሪ ነው። (ወተትና ማር በብዛት ሲወሰዱ ትንሹ አንጀት ላይ ውኃ ስለሚስቡ ቶሎ ሊያሳምሙ ይችላሉ። ሚጥሚጣና በርበሬም የራሳቸው መንገድ አላቸው፤ የሕመም ነርቭን በቀጥታ ይነካሉ።)

አንዲት መምህርት ነበሩ፣ 34 ዓመታቸው። የማይለወጥ ቅሬታ ይዘው መጡ፦ «ዶክተር፣ ማኪያቶ ገደለኝ።» ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት ማኪያቶ ይጠጣሉ፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሆዳቸው ይቆረጣል፣ ተማሪ አስቀምጠው ይሮጣሉ። «ትተውት ያውቃሉ?» አልኳቸው። «በሁዳዴ ወተት የለም፣ ያኔማ የባሰ ነበር» አሉኝና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

የተማሪ ደብተር አስገዛኋቸውና 28 ቀን ጻፉ፤ ያመማቸውን ቀን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ቀን። ምግቡን ከነልኩ፦ እንጀራውን በቁጥር፣ ወጡን በጭልፋ። ሰዓቱን፤ ሕመሙን ከ0 እስከ 10፤ የሰገራውን መልክ ከ1 (እንደ ፍየል በጠጥ) እስከ 7 (ውኃ)፤ እንቅልፍን፣ የወር አበባን፣ የዋጡትን ሁሉ። ፌጦ በሎሚም ይጻፋል። የባህል ነውና መድኃኒት አይባልም ብለው የሚዘሉ ብዙ ናቸው።

ሲመለሱ ደብተሩን አብረን ዘረጋን። ሕመሙ 5 እና ከዚያ በላይ የሆነባቸው ጠዋቶች ዘጠኝ ነበሩ። ማኪያቶ የጠጡት 20 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ የለም። ከ20ው በስምንቱ አሟቸዋል። የመልእክቱ ጸሐፊ እዚህ ላይ ደብተሩን ዘግቶ «ይኸው!» ይላል። ግን በቀሩት 12 ጠዋቶች ያንኑ ማኪያቶ ጠጥተው ምንም አልሆኑም። እሱን መልእክቱ አይጠይቅም፣ ያላመመበትን ቀን አያስጽፍማ።

ከዚያ ቀኖቹን እንያቸው አልኩና ጣቴን ወደ ኋላ 24 ሰዓት መለስኩ። ከዘጠኙ ጠዋቶች ሰባቱ ሐሙስና ቅዳሜ ናቸው። በ28ቱ ቀን ውስጥ ስምንት የጾም ቀኖች ነበሩ፤ ከስምንቱ በሰባቱ ማግስት አሟቸዋል። ከሌሎቹ 20 ጠዋቶች ግን በሁለቱ ብቻ፤ ሁለቱም የወር አበባቸው የመጣባቸው ተከታታይ ቀኖች ናቸው። የጾሙ ቀን ገጽ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ዘጠኝ ሰዓት፣ እንጀራ ሁለት፣ ሽሮ አራት ጭልፋ። ማታ ምስር ወጥ ሦስት ጭልፋ።» ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በግማሽ ቀን ሰባት ጭልፋ ጥራጥሬ ይጫናል። ጠዋት ማኪያቶው ሲገባ አሥራ ሦስተኛው ሰው እሱ ሆነ።

ሌላም ነገር ትዝ አላቸው። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ በማይጾምበት ጊዜ፣ ደህና ነበሩ። የሥጋ በረከት አድርገው ነበር የቆጠሩት። ዶሮ ወጡ ግን ሽንኩርት በሽንኩርት ነው። እንግዲህ ሽንኩርቱ ብቻውን ልኩን አያሳልፋቸውም ማለት ነው፤ ከጥራጥሬው ጋር ሲሳፈር ግን እሱም ቦታ ይይዛል። (ሽንኩርቱን ከወጡ ለቅሞ ማውጣት እንደማይረዳ በዚሁ ልንገራችሁ። ስኳሩ መረቁ ውስጥ ሟሙቷል።)

ይህ ሁሉ ገና ጥርጣሬ ነው። ደብተር ተጠርጣሪ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም፤ የሚፈርደው ፈተናው ነው። ጾማቸውን አላስፈታሁም። ለሁለት ሳምንት የጾሙን ገበታ ወደ ድንች ወጥ፣ ጎመን፣ ካሮትና ሱፍ ፍትፍት አዞርነው፤ ሐሙስና ቅዳሜ ጸጥ አሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ምስርን ዕድሜ ልክ ይሰናበታል። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ሕመም በራሱም ሞገድ አለው፣ በአጋጣሚም ይበርዳል፤ ደግሞም ምስርና ሽሮ ለጾመኛ ፕሮቲኑና ብረቱ ናቸው።

ስለዚህ መለስነው። ሌላው ምግብ እንዳለ ሆኖ፣ የመጀመሪያው ቀን ምስር አንድ ጭልፋ፣ ሁለተኛው ቀን ሁለት፣ ሦስተኛው ቀን አራት። ቢያም ኖሮ እዚያው እናቆም ነበር። አንዱ ምንም አላደረጋቸውም። ሁለቱ ትንሽ ነፋቸው፣ ሕመም 2። የአራቱ ማግስት ግን ሕመም 7፣ ሰገራ 6፤ ያን ጠዋት ማኪያቶ አልጠጡም ነበር። ሦስት ቀን አርፈው ሽሮውንም በዚሁ መንገድ ሞከሩ፣ ልኩ ተቀራራቢ ሆነ። የእሳቸው «ቀስቃሽ» እንግዲህ ምስር አይደለም፤ በአንድ ቀን ከሁለት ጭልፋ ያለፈ ጥራጥሬ ነው። አሁን በጾም ቀን ሽሮ ከሆነ ምስር የለም፣ ምስር ከሆነ ሽሮ የለም። ምስሩም ውኃ ውስጥ አድሮ ውኃው ይደፋል፤ ስኳሩ በከፊል ወደ ውኃው ስለሚወጣ ይረዳል። ሽሮ ላይ ይህ አይሠራም፣ ዱቄት ነውና። ማኪያቶው ተመልሷል። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወተት ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማኪያቶ ላይ ያለው ወተት ጥቂት ነው።

ልኩ የመምህርቷ ነው። ጎረቤታቸው አራት ጭልፋ ሊችሉ፣ በአንድ ጭልፋ ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ስልስ ሊወድቁ ይችላሉ። የእሳቸውን ደብተር ቀድታችሁ አትኑሩበት።

ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ሳታስቡት ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ትኩሳት ወይም ደም ማነስ ካለ፣ ተቅማጥ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳችሁ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ ከጀመረ ደብተሩን አስቀምጡና ኑ። ያ የምግብ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። በትክክል የሚያዘው ደብተርም ቢሆን ከስድስት፣ ሰባት ሳምንት በላይ አይያዝ። ሆዱን በየሰዓቱ የሚያዳምጥ ሰው ትራፊኩን እያስቆጣው ነው።

መምህርቷን ልኩ ከታወቀ በኋላ መጻፍ ይብቃ አልኳቸው። በቀጠሯቸው ደብተሩን ይዘው መጡ፤ ከአርባኛው ገጽ ወዲያ ያለውን የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ነጥብ ሞልተውበታል።