የ20 ሰከንዱ እጥበት፦ ለገበያ ምግብ ሻጮች የፈተና ክለሳ

እጅ መታጠብን በተመለከተ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሰከንዱ ነው። አንዱ 20 ይላል፣ ሌላው 60 ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ጥያቄው የሚለካው ምንድን ነው? እሱን ለዩ። 20 ሰከንድ በሳሙና የምታሹበት ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ትንሹ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ደግሞ ከማርጠብ እስከ ማድረቅ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ጥያቄው ላይ «ማሸት» የሚል ቃል ካያችሁ 20 በሉ።

ሰዓቱ ለምን አስፈለገ? ሳሙና ጀርሙን በዋናነት ከቆዳ ላይ አላቆ በውሃ እንዲሄድ ነው የሚያደርገው። ጀርም ደግሞ ቅባት ውስጥ፣ ጥፍር ስርና ጣቶች መሀል ይሸሸጋል። ቅቤ የነካ እጅ ላይ ውሃ አፍስሱና ተመልከቱ። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ይንከባለላል እንጂ አይዝም። ሳሙናው ያንን ቅባት እስኪያላቅቀው መታሸት አለበት፣ መታሸት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ውሃው ቀዝቃዛ ቢሆንም ችግር የለውም፤ ሥራውን የሚሠሩት ሳሙናውና ማሸቱ ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንይ። ሰኞ ነው፣ የባቲ ገበያ ቀን። ከቆላውም ከደጋውም የመጣ ሰው ይርመሰመሳል። አንዲት ሻጭ እንቁላል ትጠብሳለች፣ ፍርፍርም ትሠራለች። እንቁላሉን ሰባብራ መጥበሻ ላይ ጣለች። ብር ተቀበለች፣ መልስ ሰጠች። ቀጥሎ እንጀራውን በእጇ መቆራረስ አለባት። የእንቁላል ቅርፊት ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። እንቁላሉ በደንብ ከበሰለ ባክቴሪያው ይሞታል። እንጀራው ግን እሳት ላይ አይመለስም፣ እጇ የያዘው ነገር በቀጥታ ደንበኛው አፍ ውስጥ ነው የሚገባው። መታጠብ ያለባት እዚህ ጋ ነው፣ በእንቁላሉና በእንጀራው መሀል።

አሁን አምስት ሰከንድ ታጠበች እንበል። በአምስት ሰከንድ ሰው የሚያሸው መዳፉን ነው። እንጀራ የሚቆርሰው ግን የጣት ጫፍና አውራ ጣት ነው! ስለዚህ 20ውን ሰከንድ ስድስት ቦታ ላይ አከፋፍሉት፦ መዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ የጣቶች መሀል፣ የጣቶች ጀርባ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች፣ መጨረሻ ላይ የጣት ጫፍና ጥፍር። ለእያንዳንዱ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይደርሰዋል። ቀለበት ካለ አስቀድማችሁ አውልቁ፣ ከስሩ ሳሙና አይገባም።

ቆጠራው የሚጀምረው ሳሙናው አረፋ ካወጣ በኋላ ነው። ወረፋ ሲበዛና ደንበኛ ሲቆጣ ሰው ሳያውቀው ቶሎ ቶሎ ይቆጥራል፣ ሃያው በአስር ሰከንድ ያልቃል። «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» እያላችሁ ብትቆጥሩ ወደ ትክክለኛው ሰከንድ ትቀርባላችሁ። አንድ ጊዜ በስልካችሁ ሰዓት ለክታችሁ ተለማመዱ።

«በጀሪካን ውሃ ይህን ሁሉ ከየት እናመጣለን?» የሚል አለ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን በምታሹበት ጊዜ ውሃ አይፈስም። ለማርጠብ ትንሽ፣ ለማለቅለቅ ትንሽ ነው የሚያስፈልገው። ለአንድ እጥበት ግማሽ ሊትር ቢወጣ፣ 20 ሊትር ጀሪካን 40 ጊዜ ያስታጥባል። ሰከንድ በመቀነስ ውሃ አይቆጠብም። አንድ ሳፋ ውሃ አስቀምጦ ሁሉም እጁን የሚነክርበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ሰው ያራገፈውን ሁለተኛው ይወስደዋል። ውሃው ከላይ ይፍሰስ፣ ከማንቆርቆሪያም ቢሆን፣ ቀዳዳ ካለው ጀሪካንም ቢሆን።

ሳኒታይዘርን በተመለከተም ፈተና ላይ ይመጣል። እጅ ሲቆሽሽ ወይም ቅባት ሲነካ በደንብ አይሠራም፤ የምግብ ሻጭ እጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ሳሙና ጭራሽ ከጠፋ አመድ ከባዶ ውሃ ይሻላል፣ ሳሙናን ግን አይተካም።

እጅ ላይ ቁስል ካለ ሰከንድ ብትጨምሩም አይበቃም። ቁስል ውስጥ የሚኖር አንድ ባክቴሪያ ምግብ ላይ መርዝ ይተዋል፣ ያ መርዝ ምግቡ ቢሞቅም አይጠፋም። ቁስሉን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር ሸፍኑ፣ በላዩ ጓንት አድርጉ። ጓንቱም ልክ እንደ እጅ ይቆሽሻል፣ ብር ከነካችሁበት ቀይሩት።

አንድ የመለማመጃ ጥያቄ፦ ሻጯ 20 ሰከንድ አሸች፣ በሚፈስ ውሃ አለቀለቀች፣ እጇን ጠዋት የታጠቀችው ሽርጥ ላይ ጠረገች። ምን ታድርግ? መልስ፦ እንደገና ትታጠብ። ሽርጡ ከጠዋት ጀምሮ እንቁላሉንም ብሩንም ነክቷል፣ እርጥብ እጅ ደግሞ ከደረቅ እጅ ይልቅ ጀርም ቶሎ ይቀበላል። በንጹሕ ፎጣ ወይም በሶፍት ታድርቅ፣ ሁለቱም ከሌሉ እጇን አራግፋ በንፋስ ይድረቅላት።