ድጋፉ ያበቃ ዊንዶውስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኮምፒውተሬ እንደ ድሮው ይሠራል፤ ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው?»

ያለቀው ጥገናው ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያበቃ፣ ማሽኖቹ በማግስቱም እንደወትሯቸው ተከፍተዋል፤ የቀረው ማይክሮሶፍት በየወሩ በነጻ ይልከው የነበረው የደኅንነት ማሻሻያ ነው። አደጋው ደግሞ እያደር ይጨምራል። ዊንዶውስ 11 ከቀዳሚው ጋር ብዙ ኮድ ስለሚጋራ፣ ለአዲሱ የሚወጣው ማሻሻያ የአሮጌውን ቀዳዳ ያሳብቃል፤ አጥቂዎች ፋይሉ ከመጠገኑ በፊትና በኋላ ምን እንደሚመስል አስተያይተው ቀዳዳው የት እንዳለ ይደርሱበታል።

«ኢንተርኔት ያለው አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ምን ያገኛቸዋል? አንቲቫይረስም አለን።»

ይህን ያሉኝ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። ሦስቱ ኮምፒውተሮቻቸው አንድ ፕሪንተርና አንድ የጋራ ፎልደር ስለሚጠቀሙ በአንድ ስዊች ተያይዘዋል፤ ደንበኛውም የትምህርት ማስረጃውን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ የተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የተዛመተው በዚሁ ዓይነት የኮምፒውተሮች ትስስር፣ ዊንዶውስ ፋይል በሚጋራበት 445 በተባለው ፖርት በኩል ነበር። አንድ ማሽን ከያዘ በኋላ ማንም ምንም ሳይጫን በመረቡ ላይ ያሉትን ሌሎች እየፈለገ ፋይላቸውን ይቆልፍና ቤዛ ይጠይቅ ነበር። አንቲቫይረስ የሚያውቀውን ተንኮል አዘል ፋይል ያግዳል እንጂ የሥርዓተ ክወናውን ቀዳዳ አይደፍንም።

ዋናክራይ ለተጠቀመበት ቀዳዳ መጠገኛው ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀድሞ፣ መጋቢት 5 ቀን ወጥቶ ነበር። ድጋፉ በ2006 ዓ.ም. ላበቃው ለአሮጌው ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ለሁሉም ተጠቃሚ የተለቀቀው ጥቃቱ ከተነሣ በኋላ ነው። ይሁንና በብዛት የተጠቁት ያኔ ድጋፍ የነበረው የዊንዶውስ 7 ማሽኖች ነበሩ፤ መጠገኛው ወጥቶ ሳለ ባለቤቶቻቸው አልጫኑትም። የሞባይል ጥቅሉ እንዳያልቅ ብለን አፕዴት የምንዘጋ ሰዎች ይህንን ልብ ልንለው ይገባል።

«እንግዲህ አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ሌላ መፍትሔ የለም ማለት ነው።»

በዊንዶውስ የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ `winver` ብለው ጽፈው Enter ይጫኑ። የሚወጣው Version 22H2 ከሆነ፣ በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ለተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገብ ይቻላል፤ ለግል ተጠቃሚ የተቀመጠው ገደብ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ማሽኑ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት የማያሟላ ከሆነ፣ ለጽሕፈትና ለኅትመት ብቻ ለሚውል ኮምፒውተር ሊኑክስ የተባለው ነጻ ሥርዓተ ክወና ይበቃል፤ ከመጫኑ በፊት ግን ፕሪንተሩ እንደሚሠራና የአማርኛ ፊደሉ እንደማይበላሽ ከፍላሽ አስነሥቶ መሞከር ያስፈልጋል። ሴትየዋ ለጊዜው የመረጡት ቀለል ያለውን ነው፦ ከሦስቱ አሮጌውን ማሽን ከስዊቹ ነቅለው፣ ፕሪንተሩን በራሱ የዩኤስቢ ገመድ አገናኝተው፣ የደንበኛ ፍላሽ እንዳይሰካበት አድርገዋል።