ኮረስፖንደንት ባንክ ምንድን ነው? ከተላከው 1000 ዶላር 39ኙ የት ገባ?

ከዚራ የምትኖር ጎረቤቴ ባለፈው ተናዳ መጣች። ስዊድን ያለው ወንድሟ 1000 ዶላር በባንክ ልኮላት፣ ድሬዳዋ የደረሳት 961 ነው። ወንድሟ "እኔ አንድ ሺህ ሞልቼ ነው የላክሁት" ይላል። የባንኩ ልጅ ደግሞ "እኛ የቆረጥነው 12 ብቻ ነው" ይላታል። ሁለቱም አልዋሹም። 27 ዶላሩን የወሰዱት፣ እሷም ወንድሟም ስማቸውን ሰምተው የማያውቋቸው ባንኮች ናቸው።

ነገሩን በሱቅ እንየው። ከዚራ ያለ ባለሱቅ ሐረር ላለ ባለሱቅ ገንዘብ ማድረስ ፈለገ እንበል። ሁለቱ አይተዋወቁም። ግን ሁለቱም መጋላ ያለ አንድ ጅምላ ነጋዴ ጋ ሂሳብ አላቸው። የከዚራው ይደውልና "ከእኔ ሂሳብ ቀንስና ለሐረሩ መዝግብለት" ይለዋል። ብር የጫነ መኪና አልተንቀሳቀሰም፤ ደብተር ላይ ቁጥር ተቀየረ እንጂ። ጅምላ ነጋዴው ለዚህ ድካሙ ትንሽ ቢቆርጥ አይገርምም። ኮረስፖንደንት ባንክ ማለት ይሄ ጅምላ ነጋዴ ነው።

የዶላር ደብተር በዋናነት የሚያዘው ኒው ዮርክ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋው ባንክ ኒው ዮርክ ያለ ባንክ ውስጥ በራሱ ስም የዶላር ሂሳብ ይከፍታል። የባንክ ሰዎች "ኖስትሮ" ይሉታል፤ ጣልያንኛ ነው፣ "የእኛ" ማለት። የስዊድኑ ባንክም እንዲሁ አለው፤ ችግሩ ሂሳቡ ሌላ የኒው ዮርክ ባንክ ውስጥ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከወንድሟ የወጣው ትእዛዝ በስዊፍት መልእክት መጀመሪያ ወደ አንደኛው የኒው ዮርክ ባንክ ሄደ። እሱ ወደ ሁለተኛው አስተላለፈ፤ ሁለተኛው የድሬዳዋውን ባንክ ሂሳብ ሞላ። ስዊፍት ራሱ ገንዘብ አይዝም። ዋና መሥሪያ ቤቱ ቤልጂየም ያለ የመልእክት መረብ ነው።

መካከለኞቹ ለምን ከዚያው ገንዘብ ላይ ይቆርጣሉ? እያንዳንዱን መልእክት ከማዕቀብ ዝርዝር ጋር ያስተያያሉ፣ ስም ሲመሳሰል ሰው ተቀምጦ ያጣራል፣ ሂሳቡንም ያስታርቃሉ። ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ከወንድሟም ከእሷም ጋር ግን ውል የላቸውም። የሚያስከፍሉት ሰው ከፊታቸው ስለሌለ፣ በእጃቸው ከሚያልፈው ላይ ያነሳሉ። ክፍያው ብዙ ጊዜ ቁርጥ ነው፤ ለ100 ዶላርም ለ5000ም ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል። በየወሩ ትንሽ በትንሽ መላክ የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ማን ይክፈል የሚለውን የሚወስነው ላኪው ፎርሙ ላይ የሚመርጠው አንድ ቃል ነው። `OUR` ካለ ሁሉንም ላኪው ይከፍላል። `BEN` ካለ ሁሉም ከተቀባዩ ላይ ይነሳል። `SHA` ካለ ላኪው የራሱን ባንክ ይከፍላል፣ የቀረው ከሚመጣው ገንዘብ ላይ ይቆረጣል። ወንድሟ ሳያስተውል `SHA` ላይ ነበር። ብዙ ሰው እዚያው ላይ ነው፤ ፎርሙ ብዙ ጊዜ ራሱ የሚሞላው እሱን ነውና።

ጎረቤቴ ለድሬዳዋው ባንክ የደረሰውን መልእክት ስታስወጣ እንዲህ የሚል ክፍል ነበረው፦

```
:32A:250310USD973,
:33B:USD1000,
:71A:SHA
:71F:USD15,
:71F:USD12,
```

`33B` መጀመሪያ የታዘዘው ነው። ሁለቱ `71F` መስመሮች በየመንገዱ የተቆረጡት ናቸው፣ 15 እና 12። `32A` የደረሰው ነው፣ 973። የባንኩ 12 ሲወጣ 961። ወደ ብር የተመነዘረው ይሄ ነው፤ የምንዛሪ ሂሳብ ሌላ ጣጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወንድሟ ከባንኩ ያገኘው ኮፒ ላይ `33B`ም `32A`ም 1000 ነው፣ ምክንያቱም ቅነሳው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። "ይኸው ማስረጃዬ" ብሎ እሱን በቴሌግራም ሲልክላት ነው ጠቡ የባሰው። መጠየቅ ያለበት ተቀባይ ባንክ ጋ የደረሰው ኮፒ ነው። ሰው ሁሉ ይህን ወረቀት "ኤምቲ 103" ይለዋል። ዛሬ ባንኮች መልእክቱን የሚልኩት `pacs.008` በሚባል አዲስ ቅርጽ ነው፣ የድሮው ስም ግን አፍ ላይ ቀርቷል። `SHA`ም እዚያ `SHAR` ተብሎ ይጻፋል። አንዳንድ ባንክ ደግሞ የቆረጠውን በዝርዝር ላይጽፍ ይችላል። ያኔ `UETR` በሚባለው የክፍያው መለያ ቁጥር የላኪው ባንክ ክፍያው የት የት እንዳለፈ እንዲከታተል መጠየቅ ነው።

`OUR` ቢመረጥስ? አብዛኛውን ጊዜ ሙሉው ይደርሳል፣ ግን ላኪው ብዙ ይከፍላል። አልፎ አልፎ `OUR` ተብሎም መካከለኛው ይቆርጣል። ያኔ ተቀባይዋ ሳትሆን ላኪው ነው በባንኩ በኩል ማመልከት ያለበት። ሌላው መንገድ ሰንሰለቱን ማሳጠር ነው። የድሬዳዋው ባንክ ዩሮ የሚይዝበት ሂሳብ አውሮፓ ካለው፣ በዩሮ መላክ የኒው ዮርኩን ዙር ያስቀራል። ጎረቤቴ ባንኳን ስትጠይቅ የዩሮ ሂሳቡ ፍራንክፈርት እንዳለ ነገሯት። በሚቀጥለው ወር በዩሮ ይልካል ተባብለዋል፤ እስካሁን ግን በዶላሩ ጉዳይ በደንብ አልተነጋገሩም።