ጡረታ የሚወጡ መምህርን መድረክ ላይ ስለማስተዋወቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሙሉ ሲቪያቸው ካልተነበበ ክብራቸው ይቀንሳል።»

ይህን ስንቴ እንደሰማሁት! እዚህ ጎንደር የስንብት ሌክቸር በተዘጋጀ ቁጥር አንድ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስድስት ገጽ ወረቀት ይዞ ይነሳል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። ቀጥሎ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዲግሪ፣ ከዚያ ያሳተሟቸው ጽሑፎች ርዕስ በሙሉ። እኛ አገር በዚህ ቅደም ተከተል የሕይወት ታሪክ የሚነበበው ቀብር ላይ ነው። ሰውየው ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይሰማሉ! ልጆቻቸውም አጠገባቸው አሉ። አንድ ጊዜ ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ አይቻለሁ፣ ሌክቸሩ ገና አልተጀመረም ነበር።

ሌላው ጉዳት ሰዓት ነው። አዳራሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው ለአንድ ሰዓት ነው፤ 45 ደቂቃ ለሌክቸሩ፣ የቀረው ለጥያቄ። ማስተዋወቁ 15 ደቂቃ ከወሰደ የጥያቄው ጊዜ በሙሉ አለቀ ማለት ነው። የድሮ ተማሪ ከመተማ ድረስ መጥቶ እጁን ሳያወጣ ይመለሳል። ማስተዋወቅ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ግምት አይሠራም፣ ሁላችንም ለራሳችን ንግግር ስንገምት እናሳንሳለን። ቤታችሁ ሆናችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ በስልካችሁ ሰዓት ለኩት፤ ካለፈ ቁረጡ።

ምኑ ይቆረጥ? ከዕለቱ ርዕስ ጋር የማይገናኘው ሁሉ። ሲቪው በታተመው ፕሮግራም ጀርባ ላይ ይውጣ፣ የፈለገ ያነበዋል። የእናንተ ሥራ አንድ ጥያቄ መመለስ ነው፦ ስለዚህ ጉዳይ ለምን እኚህ ሰው ይናገራሉ? ለዚህ አንድ ሥራ ይመረጣል። አንድ ብቻ፣ ግን አዳራሹ በዓይኑ እንዲያየው ተደርጎ።

ጥሩ የተሠራ አንድ ማስተዋወቅ ልንገራችሁ። ሰውየው የአካባቢ ጤና መምህር ናቸው፣ የሌክቸራቸው ርዕስ የገጠር ጉድጓድ ውኃ። ይህ ትምህርት ጎንደር ውስጥ ሥሩ ረጅም ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የጤና ኮሌጁ ሲከፈት የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና የሳኒቴሽን ተማሪዎች አብረው እንዲሠለጥኑ ነበር የታሰበው። ያስተዋወቀቻቸው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ግን ከዚያ አልጀመረችም፤ የኮሌጁ ታሪክ ሌላ ቀን ይነገራል። ያለችው በግምት ይህን ነበር፦

«ደምቢያ ውስጥ አንድ የእጅ ጉድጓድ ነበር። ዙሪያው በሲሚንቶ ተሠርቷል፣ ክዳን አለው፣ መጸዳጃ ቤቱም ከ30 ሜትር በላይ ይርቃል። ውኃው ግን ሲመረመር ቆሻሻ ሆኖ ተገኘ። ሁላችንም መጸዳጃ ቤቱን ጠረጠርን። ጋሼ ጉድጓዱ አፍ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጠው ውኃ የሚቀዱትን አዩ። ገመዱና ባልዲው ከተቀዳ በኋላ መሬት ላይ ይጣላል፣ ከብት በሚረግጠው ጭቃ ላይ። ቀጣዩ ሰው አንስቶ እንዳለ ይከተዋል። ባልዲው መስቀያ ተሠራለት፣ አንድ ባልዲ ብቻ እንዲገባ ተስማሙ፣ ጉድጓዱም በክሎሪን ታከመ። እኔ ያኔ ተማሪያቸው ነበርኩ፣ ናሙናውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለ ጉድጓድ ውኃ የሚነግሩን እርሳቸው ናቸው።»

ከዚያ ማዕረጋቸውን፣ ሙሉ ስማቸውን፣ አለቀ። ልብ በሉ፣ «ታታሪ» አላለችም፣ «ትሑት» አላለችም፣ «ለሙያው ራሳቸውን የሰጡ» አላለችም። ግማሽ ቀን ጉድጓድ አፍ ላይ መቀመጣቸውን ነገረችን፣ የቀረውን አዳራሹ ራሱ ደመደመ። እነዚያ ቃላት ለማንም ይነገራሉ፣ ስለዚህ ስለ ማንም አይነግሩም። ስሙ መጨረሻ መምጣቱም በምክንያት ነው፤ ሰው መቼ እንደሚያጨበጭብ ያውቃል። ስሙን መጀመሪያ ጠርታችሁ አምስት ደቂቃ ከቀጠላችሁ ጭብጨባው መሃል ላይ ይመጣል፣ ተናጋሪውም ልነሳ ልቀመጥ ይላሉ።

«እኔ ልቤ ያውቃቸዋል፣ ወረቀት አያስፈልገኝም።»

ልብ ዓመተ ምሕረት አይይዝም። አንድ ኃላፊ ሲቪው ላይ የተጻፈውን 1987 በቃሉ ይዞ «በ1987 ዓ.ም. ተቀጠሩ» አለ። ቁጥሩ የአውሮፓ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 1979 ወይም 1980 መሆን ነበረበት። ሰባት ስምንት ዓመት አገልግሎት በአንድ አረፍተ ነገር ጠፋ፣ እዚያው የተቀመጡት የሥራ ባልደረቦቻቸውም እርስ በርስ ተያዩ። ተናጋሪው ሌክቸራቸውን የጀመሩት ይህን በማረም ነው። ማዕረግም እንዲሁ፤ ተባባሪ ፕሮፌሰሩን «ፕሮፌሰር» ብሎ መጥራት ማክበር የሚመስለው አለ። ሰውየውን ያሸማቅቃል እንጂ አያከብርም፣ ደረጃውን የሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው የቆሙት።

ስለዚህ ከሳምንት በፊት ደውሉላቸው። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስምና ማዕረግዎ እንዴት ይነገር፣ የሌክቸሩ ርዕስ በትክክል ምንድን ነው፣ እንዲነሳ የማይፈልጉት ነገር አለ ወይ። ሦስተኛውን ሰው ይረሳዋል። ሕመም፣ ከአስተዳደር ጋር የነበረ ቅሬታ፣ የሞተ የትዳር ጓደኛ፣ እነዚህን በደግነት አንስተው አዳራሽ ያቀዘቀዙ ኃላፊዎች አውቃለሁ። ዓመተ ምሕረቱንም እዚያው ስልክ ላይ አረጋግጡ፣ በኢትዮጵያ ነው በአውሮፓ በሉ።

«ስለሚናገሩት ነገር ቀድሞ ትንሽ ማብራራት ሕዝቡን ይረዳል።»

አይረዳም፣ ተናጋሪውን ይሰርቃቸዋል። ያቺ ኃላፊ ያወራችው ስለ አንድ ጉድጓድ ነው፤ ከዚያ ጉድጓድ ምን ትምህርት እንደሚወሰድ አንድ ቃል አልተናገረችም። መስመሩ እዚያ ጋ ነው። ታሪኩ ራሱ ሌክቸሩ ውስጥ ካለ ደግሞ በስልኩ ጊዜ ይነግሯችኋል፣ ሌላ ምረጡ።

«ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ምን ማስተዋወቅ ያስፈልጋል?»

የአንደኛ ዓመት ተማሪ አያውቃቸውም፣ የልጅ ልጃቸውም የሚያውቃቸው በቤት ነው።

«ስንብት ስለሆነ ስጦታውና ምስጋናው ይቅደም።»

ጋቢ አልብሰውት፣ አበባ አስይዘውት፣ ከዲኑ ጋር ፎቶ አንስተውት የተነሳ ሰው እንባውን እየጠረገ 45 ደቂቃ እንዲያስተምር መጠበቅ ግፍ ነው። አይቻለሁ፣ የመጀመሪያዎቹ ስላይዶች ድምፅ አልነበራቸውም። ጋቢውም፣ የምስክር ወረቀቱም፣ የዲኑ ቃልም ከጥያቄው በኋላ ይሁን። ያን ጊዜ የሚሸለመው ሌክቸሩን አሁን የሰጠው መምህር ነው። ዲኑ ቸኩያለሁ ካሉ ስጦታው በሌላ ሰው እጅ ይሰጥ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ስማቸውን ከጠራችሁ በኋላ ወዲያው ወደ ወንበራችሁ አትሩጡ። ዕድሜ አለ፣ ወደ መድረኩ የሚወጣ ደረጃ አለ፣ ማይክ በሰውየው ቁመት ልክ አልቆመም። እዚያው ቆማችሁ ጠብቁ፣ ሰላም በሏቸው፣ ማይኩን አስተካክሉ፣ መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀታቸውን እስኪያገኙ ታገሱ። የመጀመሪያዋ ስላይድ ስክሪኑ ላይ መውጣቷን አይታችሁ ውረዱ።