ኩሽኔታን ከሞተር ሻፍት ማውጣት፦ በአዳማ ጥገና ቤቶች የፑለርና የሴፓሬተር ምርጫ

ተጠብቆ የገባን ኩሽኔታ ሻፍቱን ሳይጎዱ ማውጣት በአዳማ የሞተር ጥገና ቤቶች የዘወትር ሥራ ነው፤ መሳሪያዎቹም በጥፍራም እግሮቹ ይዞ የሚስበው ፑለርና ከኩሽኔታው ኋላ የሚገባው ሴፓሬተር ናቸው። በከተማዋ አጠገብ ያለው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ፓምፕና ሞተር የአካባቢው ኑሮ አካል ናቸው። ዛሬ ወደ ጥገና ቤት የሚመጡት በአብዛኛው የእህል ወፍጮና የውሃ ፓምፕ ሞተሮች ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በእነዚሁ ሞተሮች ላይ ነው። የከባድ መኪና ጊርቦክስና የባጃጅ ኩሽኔታ መርሁ አንድ ቢሆንም እዚህ አልተካተተም።

ምርጫውን የሚወስነው ነገር

ለምሳሌ 6308 ኩሽኔታን እንውሰድ። የውስጥ ቀዳዳው 40፣ የውጭ ስፋቱ 90፣ ውፍረቱ 23 ሚሊሜትር ነው። በሞተር ላይ የሚሽከረከረው ሻፍቱ ስለሆነ ተጠብቆ የሚገባው የውስጥ ቀለበቱ ነው፤ የውጭ ቀለበቱ ክዳኑ ውስጥ ለቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ጥብቀቱ በዓይን አይታይም። ብዙ ጊዜ ሻፍቱ ከቀዳዳው የሚበልጠው ቢበዛ በ0.03 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ኩሽኔታውን ይዞ የሚያስቀረው ይህቺ ልዩነት ናት።

ስለዚህ መሳሪያው መያዝ ያለበት የውስጥ ቀለበቱን ነው። የውጭ ቀለበቱ ከተሳበ ኃይሉ ወደ ውስጥ የሚደርሰው በኳሶቹ በኩል ነው። ያኔ እያንዳንዱ ኳስ በሚሮጥበት መንገድ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይተዋል። ጉድጓዱ ላይታይ ይችላል፤ ኩሽኔታው ታጥቦ በእጅ ሲዞር ግን በእኩል ርቀት ቆርቆር የሚል ስሜት ይሰጣል። እንዲህ የወጣ ኩሽኔታ ተመልሶ መገጠም የለበትም። ሊጣል የተወሰነ ኩሽኔታ በውጭ ቀለበቱ ቢሳብ ግድ የለም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ሐሳባቸው ከሞላ ጎደል ትክክል ነው። አደጋው ኩሽኔታው ተበታትኖ የውስጥ ቀለበቱ ብቻውን ሻፍቱ ላይ መቅረቱ ነው። ያን ጊዜ የአሥር ደቂቃው ሥራ የግማሽ ቀን ይሆናል።

ቀጥሎ የሚታየው ከኩሽኔታው ኋላ ያለው ክፍተት ነው። በ6308 የውስጥ ቀለበቱ ጠርዝ ስፋት 56 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። የሻፍቱ ትከሻ፣ ማለትም ኩሽኔታው የሚደገፍበት ወፍራም ክፍል፣ 50 ሚሊሜትር ከሆነ መሳሪያው የሚይዘው ዙሪያውን 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከኩሽኔታው ኋላ ሰፊ ባዶ ቦታ ካለና የፑለሩ ጥፍር እስከ ትከሻው ድረስ ጠልቆ የውስጥ ቀለበቱን ከያዘ ባለሦስት እግር ፑለር ይበቃል፤ ፈጣንም ነው። ባለሁለት እግሩ ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል የሚመረጠው ለሦስተኛው እግር ቦታ ሲጠፋ ነው። የብዙ ፑለሮች ጥፍር ግን ወፍራም ነው። የኩሽኔታው የውስጥ ክዳን ወይም የሮተሩ ማራገቢያ በቅርበት ካለ ጥፍሩ አይገባም፤ ቢገባም የሚይዘው የውጭ ቀለበቱን ጠርዝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቦታ የሴፓሬተር ነው።

የሴፓሬተር አሠራር

ሴፓሬተር በሁለት ቡሎን የሚያያዙ፣ ጫፋቸው እንደ ቢላዋ የሳሳ ሁለት ግማሽ ብረቶች ናቸው። ሁለቱ ግማሾች ከኩሽኔታው ኋላ ይደረጉና ቡሎኖቹ እየተፈራረቁ በሩብ ዙር ይጠብቃሉ። አንዱ ብቻ ከጠበቀ ኩሽኔታው ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ኩሽኔታ ደግሞ ሻፍቱን እየጫረ ይወጣል። ቢላዋው ሲገባ እንደ ሽብልቅ ሆኖ ኩሽኔታውን ከትከሻው ትንሽ ያላቅቀዋል። ኩሽኔታው በትከሻው ላይ ተጣብቆ የተቀመጠ እንኳ ቢሆን የቀለበቱ ክብ ማዕዘን ለቢላዋው መግቢያ ይሆናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ግማሾች ሻፍቱን እስኪጨብጡ መጥበቅ የለባቸውም። ሻፍቱን ከጨበጡ የሻፍቱን ጫፍ እየገፋ የሚጠብቀው መሃል ቡሎን የሚስበው ኩሽኔታውን ሳይሆን ሻፍቱን ራሱን ነው፤ ሲንሸራተቱም ሻፍቱን ይፍቃሉ። በእኛ ምሳሌ የቢላዋው ጠርዝ ከትከሻው ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ርቆ መቆም አለበት። ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ ግን የውስጥ ቀለበቱን ስቶ ሽፋኑንና የውጭ ቀለበቱን ብቻ ይይዛል።

ከዚያ መሃል ቡሎኑን የሚይዘው አግዳሚ ብረት በሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ከሴፓሬተሩ ጋር ይታሰራል። የእያንዳንዱ ቡሎን ጥርስ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል ጠልቆ መግባት አለበት። በአግዳሚውና በሴፓሬተሩ መካከል ያለው ርቀት በግራም በቀኝም ተለክቶ እኩል ይደረጋል። የመሃል ቡሎኑ ጥርስ ግራሶ ይቀባል። በሻፍቱ ጫፍ ጥርስ ያለው የመሃል ቀዳዳ ካለ በላዩ ወፍራም የብረት ክዳን ይደረጋል፤ ያለዚያ የቡሎኑ ሹል ጥርሱን ያበላሸዋል።

መሃል ቡሎኑ ሲጠብቅ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ኩሽኔታው «ጧ» ብሎ ይነቃነቃል፣ ቁልፉም ቀለል ይላል። ይህ ደህና ምልክት ነው። ሳይነቃነቅ ክብደቱ ብቻ እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም አግዳሚው ሲጎብጥ ከታየ፣ መቆም ያስፈልጋል። ከኩሽኔታው ፊት ያልተነሳ የማቆሚያ ቀለበት ሊኖር ይችላል። ውጥረቱ እንዳለ ሆኖ የመሃል ቡሎኑን ጭንቅላት በመዶሻ አንዴ መምታት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ኩሽኔታ የማይለወጥ ከሆነ ግን ምቱ እዚያም ጉድጓድ ሊፈጥር ስለሚችል ባይደረግ ይሻላል። በውጥረት ላይ ያለ ቀለበት ሊፈነዳ ስለሚችል በወፍራም ጨርቅ ይጠቀለላል፣ የዓይን መከላከያም ይደረጋል።

ሙቀትና የቀረ ቀለበት

ማሞቅን በተመለከተ ስምምነት የለም። ስሌቱ ግን ግልጽ ነው፦ 40 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው የብረት ቀለበት ከሻፍቱ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በልጦ ቢሞቅ በ0.038 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ይህ ጥብቀቱን ለማስለቀቅ ይበቃል። ችግሩ ሻፍቱም አብሮ መሞቁ ነው፤ ስለዚህ ቀለበቱ በፍጥነት ሞቆ ወዲያው መሳብ አለበት። በእሳት የሞቀ ኩሽኔታ ተመልሶ አይገጠምም። ግራሶ ባለበትና ጥቅል ሽቦ በቀረበበት ቦታ ደግሞ እሳት ጨርሶ አይነካም።

የውስጥ ቀለበቱ ብቻውን ከቀረ በግራይንደር ወደ ሻፍቱ ሳይደርስ ቦይ ይወጣለታል። ከዚያ በመሮ ቦዩ ላይ ሲመታ ይሰነጠቃል፣ ጥብቀቱም ይለቃል።

ኩሽኔታው ከወጣ በኋላ የሻፍቱ መቀመጫ በማይክሮሜትር ይለካል። የዚህ ዓይነት ሞተር መቀመጫ ብዙውን ጊዜ ከ40.002 እስከ 40.018 ሚሊሜትር ተደርጎ ይሠራል። ከ40.000 በታች ከወረደና ላዩ ቡናማ ዝገት መሰል ዱቄት ከያዘ ቀለበቱ ሻፍቱ ላይ ሲዞር እንደቆየ ያሳያል። እንዲህ ያለ ሻፍት አዲስ ኩሽኔታ ከመግባቱ በፊት ወደ ቶርኖ ቤት ይላካል።