የማንቂያ ደረጃ ምንድን ነው?

ሰሞኑን ስለ አንድ የሕንፃ ቁፋሮ የሚከራከሩ ሰዎችን ሳነብ አንዱ እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ኢንክሊኖሜትሩ 38 ሚሊ ሜትር ነው ያሳየው። የሚፈቀደው 50 ነው። ስለዚህ ግድግዳው ደህና ነው።» ብዙ ሰው ተስማማለት። ኢንክሊኖሜትር ግድግዳው በጉድጓዱ አቅጣጫ ስንት እንደተገፋ የሚለካ መሣሪያ ነው። ይህን አባባል በስብሰባም በሪፖርትም ደጋግሜ ስለሰማሁት ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ የምጠይቀው ቁፋሮው አሁን ስንት ሜትር ላይ እንደደረሰ ነው። እንበል ጉድጓዱ 12 ሜትር ይወርዳል፤ መሐንዲሱም መጨረሻው ላይ ግድግዳው 50 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ እንደሚገፋ አስልቷል። በዚያው ስሌት 6 ሜትር ላይ የሚጠበቀው 18 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን 6 ሜትር ላይ ሆነን 38 ካነበብን ከተጠበቀው እጥፍ በላይ ሄዷል ማለት ነው። ገና ግማሹ ቁፋሮ ይቀራል። ከ 50 በታች ስለሆነ ደህና ነው የሚለው ሰው የወር ደመወዙን በ10ኛው ቀን ሦስት አራተኛውን አጥፍቶ «ኪሴ ገና ባዶ አልሆነም» እንደሚል ሰው ነው። ኪሱ ባዶ አለመሆኑ እውነት ነው። ግን ቁም ነገሩ በ10ኛው ቀን ስንት ይቀረኛል ብሎ አቅዶ እንደነበር ነው።

ማንቂያ ደረጃ ማለትም ይኸው ዕቅድ ነው። ግድግዳው የሚወድቅበት መስመር አይደለም፤ መሣሪያው ላይ ተጽፎ የሚመጣ ቁጥርም አይደለም። የሚወጣው ከንድፉ ስሌት ነው፤ ለእያንዳንዱ የሥራ ምዕራፍ ለብቻው። በብዙ ፕሮጀክቶች ሁለት ደረጃ አለ፤ የመጠንቀቂያው ቢጫ ከተተነበየው 70 ወይም 80 በመቶ አካባቢ ይደረጋል፣ የማቆሚያው ቀይ ደግሞ ትንበያው ራሱ ላይ። ከእያንዳንዱ ጎን የሚሠራው ሥራ ይጻፋል። ቢጫ ላይ ንባቡ ይደገማል፣ መሐንዲሱ ይጠራል፣ በሳምንት አንዴ የነበረው ልኬት በየቀኑ ይሆናል። ቀይ ላይ ቁፋሮው ይቆማል፤ አፈር የት እንደሚመለስ ወይም ተጨማሪ ድጋፍ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ታውቋል። ሥራ ያልተጻፈበት ቁጥር ጌጥ ነው።

ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ መያዝም መፍትሔ አይደለም። ኢንክሊኖሜትር ማለት ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ባለ ቦይ ቱቦ ነው። ዘንበልነት የሚለካ ዘንግ በየግማሽ ሜትሩ ይነበብበታል፤ ንባቦቹም ከታች ወደ ላይ ይደመራሉ። ስህተቱም አብሮ ይደመራል። በ 25 ሜትር ጥልቀት ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ከመሣሪያው ብቻ ሊመጣ ይችላል። ቢጫውን 5 ሚሊ ሜትር ላይ ካደረግነው በየሳምንቱ ይጮሃል፣ በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይሰማውም። ደግሞ የቱቦው እግር የማይንቀሳቀስ አፈር ውስጥ ካልገባ ድምሩ የሚጀምረው ከሚንቀሳቀስ ነጥብ ነው፤ የሚነበበውም ከእውነቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ዋና ነገር ልምጣ። ንባቡ ቀዩን ሲያልፍ «ቁጥሩ በጣም ጠባብ ነበር፣ እናስፋው» የሚል ሰው አይጠፋም። ሲንጋፖር ውስጥ ኒኮል ሀይዌይ አጠገብ የሆነው ይህ ነው። ለከተማ ባቡር መስመር ለስላሳ ጭቃ ውስጥ ወደ 30 ሜትር የተጠጋ ቁፋሮ ነበር። የአንዱ ወገን ግድግዳ ንድፍ የጠበቀው ትልቁ መግፋት 145 ሚሊ ሜትር ነበር። ንባቡ አለፈው። ስሌቱ እንደገና ተሠርቶ ገደቡ 253 ሆነ። እሱም ታለፈ፣ 359 ሆነ። እ.ኤ.አ. አፕሪል 20 ቀን 2004 ንባቡ 440 ሚሊ ሜትር አካባቢ ደርሶ ነበር። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቁፋሮው ተደረመሰ፤ አውራ ጎዳናውንም ይዞ ወረደ። 4 ሰዎች ሞቱ።

ስሌትን ማደስ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥሩ መሐንዲስ ያደርገዋል። ጥፋቱ ግን እንደገና የተሠራው ስሌት ንባቡን ለመምሰል ብቻ ሲስተካከልና «ለምን ተሳሳትን?» የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ነው። ደመወዙ ቀድሞ ሲያልቅ ዕቅዱን በወረቀት ላይ ማስፋት ይቻላል። ገንዘቡ የት እንደገባ ግን አይነግረንም።

እዚያ የተሳሳተው ምን ነበር? አንደኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተመረጠው የአፈር አገላለጽ የለስላሳውን ጭቃ ጥንካሬ አጋኖ ነበር። ሁለተኛ፣ ግድግዳዎቹን ለይተው የያዙት አግድም ብረቶች ከግድግዳው ጋር የሚገናኙበት መገጣጠሚያ መሸከም ከነበረበት በጣም ያነሰ አቅም ነበረው። በብረቶቹ ላይ የጭነት መለኪያዎች ነበሩ። መፍረሱ የጀመረው ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ነው፤ እዚያ የተነበበው ጭነት ግን የሚያስደነግጥ አልነበረም። ምክንያቱም ገደቡ የተቀመጠው መገጣጠሚያው ጠንካራ ነው ተብሎ ነው። ማንቂያ የንድፉን ስህተት ይወርሳል። ንድፉ ያላሰበውን አደጋ ማንቂያው አይጮህበትም።

ለዚህ ነው በአንድ መሣሪያ ብቻ የማልተማመነው። ለስላሳ መሬት ላይ ለመንገድ የሚሞላ አፈርን እንውሰድ። ከሥሩ ሴትልመንት ፕሌት ይቀመጣል፤ ቱቦ የቆመበት ጠፍጣፋ ብረት ነው፣ ምን ያህል እንደሰመጠ በሌቭል ይለካል። ጭቃው ውስጥ ያለ ፒዞሜትር በአፈሩ መሃል ያለውን የውሃ ግፊት ያነባል። ኢንክሊኖሜትር ደግሞ ሙሌቱ ጠርዝ ላይ ይቆማል። 1 ሜትር አፈር ሲጨመር ወደ 20 ኪሎ ፓስካል ጭነት ይመጣል፤ ከሙሌቱ መሃል በታች አብዛኛውን መጀመሪያ የሚሸከመው ውሃው ነው። ስለዚህ ፒዞሜትሩ መዝለል አለበት። ምንም ካላሳየ ደስ አይበላችሁ፣ መሣሪያውን መርምሩ።

ከዚያ ሙሌቱ ሲያርፍ ፕሌቱ ይሰምጣል፣ ፒዞሜትሩ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ኢንክሊኖሜትሩም ይረጋል። ይህ ጤነኛ ነው፤ ውሃው እየወጣ አፈሩ እየጠነከረ ነው። አሁን በተቃራኒው አንድ ሳምንት አፈር ሳይጨመር ፒዞሜትሩ አልወርድም ብሎ፣ ጠርዙ ላይ ያለው ኢንክሊኖሜትር በየቀኑ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ቢጨምር አስቡት። ሦስቱም ከቀይ በታች ሊሆኑ ይችላሉ። እኔ ግን ያኔ አንድም መኪና አፈር አላስገባም፤ ጭቃው ወደ ጎን እየሸሸ ነው። ስለዚህ የፍጥነት ገደብም ይጻፍ፦ በጠቅላላው ስንት ደረሰ ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጨመረ የሚል።

ቤንችማርክ፣ ማለትም የፕሌቱ ከፍታ የሚነጻጸርበት ቋሚ ነጥብ፣ ለሙሌቱ ቀርቦ ከተተከለ አብሮ ይሰምጣል፤ ንባቡም ያሳንሳል። መረሬ አፈር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ክረምት አፈሩ ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ቀለል ያለ ሙሌት ሥር ያለ ፕሌት አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። መነሻው ንባብ ሚያዝያ ላይ ተወስዶ ሐምሌ ላይ ፕሌቱ ከፍ ቢል ጭነቱ ጠፍቶ አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መነሻ ንባቡ ተደጋግሞ ይወሰድ። የተወሰደበት ወርም ከገደቡ ጎን ይጻፍ።